ሴንቲሜትር ያልተጠየቀበት ጉዞ፡- የዊልቸር ተጠቃሚዎች ከመነሳታቸው በፊት ሊያጣሩ የሚገባቸው

አንድ የዊልቸር ተጠቃሚ ወደ ሆቴል ስልክ ደውሎ «ቤታችሁ ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «አይዞዎት፣ ችግር የለም፣ ልጆቻችን ይሸከሙዎታል» የሚል ነው። መልሱ ከቅን ልቦና የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የማያውቃቸውን ሰዎች ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ መሸከም እንዳለበት መልሱ አይናገርም። እንዲህ ያለው ቃል የተሰጠው መንገደኛ የገንዘቡንና የጊዜውን ኪሳራ የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች የዊልቸር ተጠቃሚዎችን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና የመጸዳጃ አገልግሎት እንዲኖራቸው ደንግጓል። አገሪቱም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሕጉ ለጠያቂው መሠረት ይሆነዋል፤ የበሩን ስፋት ግን አይነግረውም። መንገደኛው ሊይዘው የሚገባው መልስ በሴንቲሜትር የተለካ ነው።

ለአብነት ያህል ከአዲስ አበባ ተነስታ ወደ ላሊበላ ለሦስት ቀናት ልትጓዝ ያሰበች፣ ጨርሶ መራመድ የማትችል አንዲት መንገደኛ አለች እንበል። የመጀመሪያው ሥራዋ ወደ ማንም መደወል አይደለም፤ የራሷን ወንበር መለካት ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ከመቀመጫው ስፋት ሳይሆን ወንበሩ ተዘርግቶ፣ እርሷ ተቀምጣበት፣ ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ጎማ ውጫዊ ጠርዝ ነው። ልኬቱ 64 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል። ጎማውን የምትገፋው በራሷ እጅ ከሆነ ለጣቶቿ በሁለቱም ወገን ቢያንስ ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ያስፈልጋታል። ስለዚህ ያለ ሰው እርዳታ የምታልፍበት በር 70 ሴንቲሜትር የተጣራ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ከመሬት እስከ መቀመጫው ያለው ከፍታ ደግሞ 50 ሴንቲሜትር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ይዛ ነው ስልኩን የምታነሳው።

የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ሆቴሉን ማጣራት ይመረጣል። በሆቴል ውስጥ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የመታጠቢያ ክፍሉ በር ነው። የሕንፃው ዋና በርና የመኝታ ክፍሉ በር አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ናቸው፤ የመታጠቢያ ክፍሉ በር ግን ከሁሉም ይጠባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እንግዳ ተቀባዩ «በሩ 70 ሴንቲሜትር ነው» ሲል የሚናገረው ስለ መዝጊያው ስፋት ሊሆን ይችላል። መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም ውፍረቱና ማጠፊያው ከመቃኑ ውስጥ የተወሰነ ቦታ ስለሚይዙ የሚቀረው የተጣራ ክፍተት 64 ወይም 65 ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ክፍተት የመንገደኛዋ ወንበር ቢያልፍ እንኳ እጇ አያልፍም። ስለሆነም ጥያቄው «በሩ ምን ያህል ነው?» ሳይሆን «በሩን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ፣ ከመዝጊያው ፊት እስከ ተቃራኒው መቃን ድረስ በሜትር ለክታችሁ ፎቶግራፉን በቴሌግራም ላኩልኝ» መሆን አለበት። ሜትሩ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከአሥር ደቂቃ የስልክ ማብራሪያ ይበልጣል።

ክፍተቱ በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ከጎደለ መፍትሔ አለው። መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅሎ በምትኩ መጋረጃ መስቀል መቃኑን ሙሉ በሙሉ ነፃ ያደርገዋል። ሥራው ለአንድ አናጺ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እንግዳዋ ከመድረሷ በፊት እንዲደረግላት መጠየቅም ነውር የለበትም። በአንጻሩ የመታጠቢያው ወለል ከመኝታ ክፍሉ በ15 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ገላ መታጠቢያው ከፍ ባለ ገንዳ ውስጥ ከሆነ መጋረጃው አይረዳም። በዚህ ጊዜ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ሆቴል መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መግቢያው ነው። «ራምፕ አለን» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ስለሚሆኑ መወጣጫው አምስት ሜትር ከ40 ሊረዝም ይገባዋል ማለት ነው። በእነዚያው ደረጃዎች ላይ የሁለት ሜትር መወጣጫ ከተሠራ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ዳገት ይሆናል። እንግዳ ተቀባዩ የደረጃዎቹን ብዛት ቆጥሮ፣ የመወጣጫውን ርዝመት በእርምጃ ለክቶ ቢናገር እንኳ መንገደኛዋ ሒሳቡን ራሷ ልትሠራው ትችላለች። አልጋው ከፍራሹ ጋር ከ50 ሴንቲሜትር እጅግ የማይርቅ ከፍታ ካለውም ከወንበሯ ወደ አልጋው ራሷን ማዛወር ትችላለች።

ሆቴሉ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ በረራው ይኬዳል። አየር መንገዶች የዊልቸር ተሳፋሪን በትኬቱ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት በሦስት ምልክቶች ነው። WCHR የተባለው ደረጃ መውጣትና ወደ ወንበሩ መሄድ ለሚችል፣ ረጅም ርቀት መራመድ ግን ለሚያቅተው ነው። WCHS ደረጃ መውጣት ለማይችል፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ግን ጥቂት እርምጃ ለሚራመድ ነው። WCHC ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ነው። የምሳሌያችን መንገደኛ ሦስተኛዋ ናት። ትኬት ሻጩ ከልማድ የተነሳ የመጀመሪያውን ምልክት ከመዘገበ ግን ስህተቱ የሚታወቀው በአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ነው። ሠራተኞቹ የሚጠብቁት ደረጃ የምትወጣ ተሳፋሪ ነውና። ስለዚህ መንገደኛዋ የተመዘገበውን ምልክት ፊደል በፊደል እንዲያነቡላት መጠየቅ፣ ጥያቄዋንም ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድማ ማቅረብና በዋዜማው ደግማ ማረጋገጥ ይጠበቅባታል።

በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠማሩት ኪው 400 አውሮፕላኖች የራሳቸው ጠባብ ደረጃ ያላቸው ናቸው። ለዚህም ነው «ተሳፋሪውን የምታሳፍሩት በማንሻ ተሽከርካሪ ነው ወይስ በሰው ኃይል?» የሚለው ጥያቄ ስለ መነሻው ብቻ ሳይሆን ስለ መድረሻው አውሮፕላን ማረፊያም ተለይቶ መቅረብ ያለበት። በአዲስ አበባ ያለው መሣሪያ በሌላ ከተማ ላይኖር ይችላል። ወንበሯን በተመለከተ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በራሷ ወንበር ለመሄድ ትጠይቃለች። ከዚያም የመቀመጫውን ትራስና የሚነቀሉትን የእግር ማሳረፊያዎች ይዛ ትገባለች፤ በዕቃ ክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚጠፉት እነዚህ ናቸውና። ወንበሩ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የባትሪውን ዓይነትና መጠን አየር መንገዱ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብዙ ጊዜ እንግዳ ለመቀበል የሚላከው ሚኒባስ ነው። የሚኒባስ ወንበር ከዊልቸሩ ከፍ ያለና ከተንሸራታች በሩ ወደ ውስጥ የራቀ በመሆኑ ራሷን ለምታዛውር ሰው አስቸጋሪ ነው። መቀመጫው ወደ 50 ሴንቲሜትር የሚጠጋና በሩ ሰፊ የሆነ የቤት መኪና ይሻላታል። የታጠፈው ወንበርም በኋላ ዕቃ መጫኛው ይገባ እንደሆነ ከሹፌሩ ጋር በስልክ መስማማት ይቻላል።

የጉዞው ዓላማ የሆኑት 11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ከሆቴልና ከአውሮፕላን የተለየ አጠያየቅ ይፈልጋሉ። ከአለት ተፈልፍለው የወጡ በመሆናቸው ወደ ብዙዎቹ የሚኬደው በጠባብ ቦይ፣ በተሸረሸረ የድንጋይ ደረጃና ወጣ ገባ በሆነ ወለል ነው። በእነዚህ ላይ መወጣጫ ልጨምር ማለት ከቅርሱ ጥበቃ ጋር የሚጋጭ ስለሚሆን ሁሉም ደጆች ይከፈታሉ ብሎ ማሰብ አይገባም። ይህ ማለት ግን ላሊበላ ለዊልቸር ተጠቃሚ ምንም የለውም ማለት አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሕንፃው ወደ 12 ሜትር ያህል በጥልቀት ተቆፍሮ የወጣ በመሆኑ፣ በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀርጸው የሚታዩት መስቀሎች በግልጽ የሚታዩት ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ነው። በእግሩ የሚሄደውም ጎብኚ ቢሆን መጀመሪያ የሚቆመው እዚያው አፋፍ ላይ ነው።

ለአስጎብኚው የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ «መግባት ይቻላል ወይ?» የሚል አይደለም። መኪናው የት ድረስ ይደርሳል? ከዚያ እስከ አፋፉ ስንት ሜትር ነው? አለቱ ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል ወይ? ደህና ርቀት ላይ ሆኖ ወንበሩን የሚይዝ ሰው ይኖራል ወይ? የሚሉት ናቸው መልስ የሚሹት። አስጎብኚው ከመኪናው ማቆሚያ እስከ አፋፉ ያለውን መንገድ ሳያቋርጥ በስልኩ ቀርጾ ቢልክ መንገደኛዋ ጠጠሩንም ደረጃውንም በዓይኗ ታያለች። አፋፉ መከላከያ አጥር የሌለው በመሆኑ ፍሬን የማይዝ ወንበር ይዞ መሄድ አደጋ ነው፤ ፍሬኑ አዲስ አበባ ላይ መፈተሽ አለበት። በክረምት ወራት ደግሞ እርጥብ አለት ስለሚያንሸራትት ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። የገና በዓል ድምቀቱ ወደር የለውም። ሆኖም እጅግ ብዙ ምዕመናን በአፋፎቹና በቦዮቹ ዙሪያ በሚቆሙበት ዕለት ዊልቸር ተራምዶ የሚያልፍበት ቦታ አይገኝም። በዓሉን ማየት የምትሻ መንገደኛ ከሌሊቱ አስቀድማ የምትቀመጥበትን ቦታና መውጫ መንገዷን ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ጋር መስማማት ይኖርባታል።

ወደ ውስጥ ለመግባት ከተወሰነ ሁለት ነገሮች አስቀድመው ይነሳሉ። የመጀመሪያው መሸከም ነው። በጠባብ ደረጃ ላይ አራት ሰዎች ወንበር ይዘው ጎን ለጎን መውረድ አይችሉም። ስለዚህ ስንት ደረጃ እንደሆነ፣ እነማን እንደሚይዙና ተሸካሚዎቹ ከየት ላይ እንደሚይዙ ተነጋግሮ መወሰን፣ ካልተመቸም ይቅርብኝ ማለት የመንገደኛዋ ድርሻ ነው። ከሚነቀለው የእግር ማሳረፊያ ላይ መያዝ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ከእጅ ላይ ይወልቃልና። ሁለተኛው ጫማ ነው። ምዕመናን ጫማቸውን አውልቀው በሚገቡበት ምንጣፍ ላይ የወንበሩ ጎማ እንዴት እንደሚታይ ካህናቱን በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ጎማውን ጠርጎ በንጹሕ ጨርቅ ለመሸፈን ዝግጁ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ጥያቄው ቀላል ይሆንለታል።

የተሰጡ መልሶች ሁሉ ከመልስ ሰጪው ስምና ከዕለቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ሆቴሉ በተደረሰ ጊዜም ሻንጣው ከመኪና ሳይወርድና ሒሳብ ሳይከፈል፣ ሜትሩ ከቦርሳ ወጥቶ መጀመሪያ የሚለካው የመታጠቢያ ክፍሉ በር ነው።