ፕሮፎርማው ላይ የተሳሳተው ነጠላ ዋጋ

የግንባታ ዕቃ መደብሮች ከሚሰጡት ፕሮፎርማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መለኪያው ነው። ሴራሚክ ጥሩ ማሳያ ነው። ዋጋው የሚነገረው በካሬ ሲሆን ዕቃው የሚሸጠው ግን በካርቶን ነው። ስልሳ በስልሳ የሆነው ሴራሚክ በአብዛኛው በአንድ ካርቶን አራት ፍሬ ይይዛል፤ ይህም 1.44 ካሬ ይሸፍናል።

አንድ ኮንትራክተር ለ216 ካሬ ወለል ሴራሚክ ጠየቀ እንበል። ሻጯ ብዛቱን በትክክል ወደ 150 ካርቶን ለወጠችው፤ በነጠላ ዋጋው ዓምድ ላይ ግን የካሬውን 1,200 ብር እንዳለ ጻፈች። ጠቅላላው ከቫት በፊት 180,000 ብር መጣ። የካርቶኑ ትክክለኛ ዋጋ 1,728 ብር፣ ጠቅላላውም 259,200 ብር መሆን ነበረበት። መደብሩ ራሱ አንዱን ካርቶን በ1,520 ብር ከገዛው፣ በተጻፈው ዋጋ መሸጥ 48,000 ብር መክሰር ነው።

ስህተቱ ሲታይ ብዙ ሻጮች የሚያደርጉት ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ገዢው ላይመለስ ይችላል፤ ከተመለሰም «ዋጋ ጨምሯል» ይባላል። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው። ኮንትራክተሩ በዚያች ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ለቤቱ ባለቤት ዋጋ ይሰጣል። ሰኞ ሊነግሩት ይችሉ የነበረውን ዓርብ ሲሰማ፣ በመካከሉ የገባው ቃል የራሱ ዕዳ ሆኖ ይቆየዋል። ደንበኛ የሚቀየመው በዋጋው መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ሻጩ እያወቀ ዝም ማለቱ የበለጠ ያስቀይመዋል።

ስለዚህ ስህተቱ በታየበት ሰዓት መደወል ይሻላል። የጽሑፍ መልእክት ሳይነበብ ሊያድር ይችላል። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ «ኢንጂነር፣ እንደምን ዋሉ? ትናንት የላክሁልዎት ፕሮፎርማ ስህተት አለበት፤ የካሬውን ዋጋ በካርቶኑ ቦታ ጽፌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚያ ዋጋ ለባለቤቱ ነግረውላቸዋል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት። መልሱ «ገና ነው» ከሆነ ጉዳዩ በወረቀት እርማት ያልቃል። «አዎ፣ ተስማምተናል» ከሆነ ግን ወደ ድርድር ይገባል።

ከስልኩ በኋላ የሚላከው አዲስ ቁጥርና ቀን ያለው ፕሮፎርማ ነው። በአሮጌው ላይ ሰርዞ መደለዝ ነገ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች በሁለት እጅ እንዲገኙ ያደርጋል። አዲሱ ላይ «ይህ ፕሮፎርማ ቀደም ሲል በዚህ ቁጥር የተሰጠውን ይተካል» ተብሎ ይጻፍ፤ ሥሩ ላይም ስሌቱ ይውጣ፦ በካሬ 1,200 ብር፣ በ1.44 ሲባዛ በካርቶን 1,728 ብር። ኮንትራክተሩ ካርቶኑ ላይ የታተመውን ካሬ አንብቦ ራሱ ማባዛት ይችላል። በአጋጣሚው የማጓጓዣውን ወይም የማጣበቂያውን ዋጋ ከፍ ማድረግ ግን እርማቱን ሁሉ ያጠፋዋል፤ አንዲት ሌላ መስመር ከተነካች ገዢው የመጀመሪያውንም ማብራሪያ አያምንም።

አሮጌው ፕሮፎርማ «ዋጋው ለ15 ቀናት ይጸናል» የሚል ከሆነ ሻጩ ጠንቀቅ ማለት አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የውል ሐሳብ አቅርቦ የመቀበያ ጊዜ የወሰነ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በሐሳቡ እንደሚገደድ ይደነግጋል። ስህተትን ምክንያት አድርጎ መከራከር ቢቻልም፣ ለ150 ካርቶን ሴራሚክ ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም አያዋጣም።

ኮንትራክተሩ ቃል ገብቶ ከሆነ ሻጯ ትርፏን ልታካፍለው ትችላለች። በካርቶን 1,640 ብር ብትሸጥለት ጠቅላላው 246,000 ብር ይሆናል፤ እሷ 13,200 ብር ትተዋለች፣ ከመግዣዋ ግን አትወርድም። ቅናሹ የሚቀርበው እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ መደለያ ይመስላል። ደረጃው ዝቅ ያለ ሴራሚክ አስገብቶ ልዩነቱን ማካካስ ግን ማጭበርበር ነው። ገዢው በአዲሱ ዋጋ አልፈልግም ካለ፣ የከፈለው ቀብድ ሳይቆረጥ በዕለቱ ይመለስለት።

ስህተቱ በተቃራኒው ሆኖ ገዢው ከሚገባው በላይ ተጠይቆ ቢሆንስ? ያኔም በዚያው ፍጥነት መደወል ይገባል። በእኔ እምነት የሻጭ ታማኝነት በትክክል የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጎዳውን ስህተት ብቻ የሚያርም ሰው እርማቱን ማንም አይቀበለውም።

ፕሮፎርማ የምትጽፉ ወገኖች፣ ከነጠላ ዋጋው ጎን «በካርቶን» ወይም «በካሬ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከመላካችሁ በፊትም ጠቅላላውን ለካሬው አካፍሉ። 180,000 ለ216 ሲካፈል 833 ብር ገደማ ይመጣል፤ ዋጋውን የሚያውቅ ሻጭ ይህን ሲያይ ወረቀቱን አይልከውም።