ስልክና መደብ ብር፦ የቴሌብር ወኪልነት በመንዝ

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ሳይኖር በአንድ ስልክ ሊሠሩ ከሚችሉ ሥራዎች አንዱ ወኪልነት ነው። ወኪሉ ጥሬ ብር ተቀብሎ በደንበኛው ስልክ ላይ ሒሳብ ያስገባል፤ ወይም ሒሳብ ተቀብሎ ጥሬ ብር ይሰጣል። ገቢው ከእያንዳንዱ ግብይት የሚታሰብለት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ትንሽ ስለሆነ የሚያዋጣው ሰው ለሚበዛበት፣ በተለይም ሱቅ ላለው ነው።

ዋናው ጥበብ መደብን ማመጣጠን ነው። በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ በ30,000 ብር የሚጀምር ወኪል እናስብ፦ 18,000 በእጁ፣ 12,000 በስልኩ። በገበያ ቀን ማለዳ፣ ጥሬ ብር ይዞ መንገድ መውጣት ያልፈለገ የበግ ነጋዴ ይመጣና 15,000 ያወጣል። የወኪሉ እጅ ወደ 3,000 ይወርዳል፤ ስልኩ ላይ 27,000 ይሆናል። ቀጥሎ 5,000 ላውጣ የሚል ሰው ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኩለ ቀን ላይ ግን በግ የሸጡ ገበሬዎች ደብረ ብርሃን ለሚማሩ ልጆቻቸው ለመላክ 9,000 ብር ያስገባሉ፤ እጁ 12,000፣ ስልኩ 18,000 ይሆናል።

ስለዚህ ጎበዝ ወኪል ለማለዳው ጥሬ ብሩን አብዝቶ ይዞ ያድራል። በመሐሉ ሲያጥረው ከጎረቤት ባለሱቅ ጋር ይቀያየራል፤ ባለሱቁ የሽያጭ ብሩን ይሰጠዋል፣ በስልክ በገባለት ሒሳብ ደግሞ ለአከፋፋዩ ይከፍላል። ባንክ ደርሶ መመለስ ግን ገበያው እንዲያመልጠው ያደርጋል።

ሦስት ነገር ያከስራል። አንዱ የውሸት መልእክት ነው፦ አጭበርባሪው «ልኬልሃለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያል። ወኪሉ ማመን ያለበት የራሱን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ነው። ሁለተኛው የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ከማረጋገጡ በፊት ስክሪኑ ላይ የወጣውን የተቀባይ ስም ለደንበኛው ጮክ ብሎ ማንበብ ይገባዋል። ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ ደንበኛው በ*127# መጠቀም ይችላል፤ የስልክ መስመሩ ራሱ ከጠፋ ግን «ሲመጣ ይገባልሃል» ተብሎ ብር አይሰጥም።

ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ስልካቸውን ለወኪሉ ሰጥተው የሚስጥር ቁጥራቸውን ሊነግሩት ይችላሉ። «አባባ፣ ይሄን ለኔም አይንገሩኝ፤ ልጅዎ ይንካልዎ» ማለት ደንበኛውንም ራሱንም ያድናል፤ ቆይቶ ብር ጎደለ ቢባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነውና።

ማታ ላይ እጁ ያለውና ስልኩ ያለው ሲደመር፣ ከኮሚሽኑ ሌላ፣ ያው 30,000 መሆን አለበት። ካነሰ የዕለቱን ደብተርና የስልኩን የግብይት ዝርዝር አንድ በአንድ አስተያይቶ ጉድለቱን ሳያገኝ በማግስቱ ሥራ አይጀምርም።