ጦሙን ያደረ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። ባለቤቷ በወር 25 ሺህ ብር ትጠይቃለች፤ ቤቱ ግን አራት ወር ተዘግቶ ከርሟል። ኪራዩን ወደ 23 ሺህ ብታወርድ በዓመት የሚቀርባት 24 ሺህ ብር ነው። ባዶዎቹ ወራት ግን 100 ሺህ ብር አሳጥተዋታል።

ሆኖም ዋጋ ከመቀነስ በፊት ተከራዩ የት ላይ እንደሚቀር ማየት ይበጃል። የሚደውል ከሌለ፣ ወይ ደላሎቹ ቤቱን ረስተውታል፣ ወይ ዋጋው ከጎረቤት ብሎኮች በልጧል። ማነጻጸሪያው ደግሞ አከራዮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን በቅርቡ ውል የታሰረበት ነው። ፎቁን ወይም የውሃውን ፈረቃ ሲሰሙ የሚቀሩ ከበዙ፣ ሮቶ አስገብቶ ይህንኑ በማስታወቂያው መጻፍ ያዋጣል።

ገብተው አይተው የሚጠፉ ከሆነ ችግሩ ቤቱ ውስጥ ነው። ብዙ አከራይ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ በፍሳሽ መውረጃው ጎባጣ ቱቦ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ሽታ ያግዳል። ቤቱ ሲዘጋ ውሃው ይተንና በሩ ሲከፈት የፍሳሽ ሽታ ይቀበላል። በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል፤ ሽታው ካልጠፋ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ።

ዋጋ መጨረሻ ላይ ቢነካ ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ዛሬ የተቆረጠውን ኪራይ ነገ እንደልብ መጨመር አይቻልም።