ጉልላቱ ስንት ኩንታል ይይዛል?

የእህል ሲሎ ከሩቅ ሲያዩት ቅርጹ ቀላል ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ግድግዳ፣ በላዩ ላይ ለሁለት ከተከፈለ ኳስ ግማሹን የመሰለ ጉልላት። ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚያበላሸው ጉልላቱ ላይ ሲደርስ ነው። ስንት እህል እንደሚይዝና ለመቀባት ስንት ቀለም እንደሚፈጅ ስናሰላ ጉልላቱ የሚቆጠርበት መንገድ አንድ አይደለም።

አንድ ሲሎ እንለካ። ግድግዳውን በሜትር ብንዞረው 18.85 ሜትር ሆነ እንበል። መሀሉ ገብቶ መለካት ስለማይቻል ይህን ዙሪያ ለ6.28 እናካፍላለን፤ ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ ማለትም ሬዲየሱ፣ 3 ሜትር ነው። ከመሬት እስከ ጉልላቱ ጫፍ ደግሞ 13 ሜትር አገኘን። ይሁንና 13 የግድግዳው ቁመት አይደለም። ግማሽ ኳስ ከፍታው ሁልጊዜ ከራሱ ሬዲየስ ጋር እኩል ስለሆነ 3 ሜትሩ የጉልላቱ ነው፤ ለግድግዳው 10 ይቀራል።

አሁን ይዘቱን እናስላ። የወለሉ ስፋት 3 በ3 በ3.14 ተባዝቶ ወደ 28.3 ካሬ ሜትር ይመጣል። በ10 ሲባዛ የግድግዳው ክፍል 282.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለጉልላቱ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመት በፊት ያረጋገጠው ነገር ይበቃናል፤ ኳስ ልክክ ብሎ ከሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ የሚይዘው ሁለት ሦስተኛውን ነው። ግማሹም እንደዚያው። ስለዚህ የ3 ሜትሩ ጉልላት በይዘት ከ2 ሜትር ግድግዳ ጋር እኩል ነው፤ ሲሎውን 12 ሜትር ቁመት እንዳለው አድርገን ብናባዛ 339.3 ሜትር ኩብ እናገኛለን። በቀመር ሲጻፍ V = πr²(h + ⅔r) ነው። 13ቱን የግድግዳ ቁመት አድርጎ ጉልላቱን በላዩ የደመረ ሰው ግን 424 ያገኛል።

ቀለም ላይ ነገሩ ይለወጣል። የጉልላቱ ውጫዊ ገጽ ሁለት ሦስተኛ ሳይሆን የ3 ሜትር ግድግዳን ገጽ ያህል ሙሉ ነው። ጉልላቱን በእኩል ከፍታ እንደ ቀለበት ብንቆራርጠው ወደ ላይ በሄድን ቁጥር የቀለበቱ ዙሪያ ያጥራል፤ ነገር ግን ገጹ እየተጋደመ ስለሚሄድ ለአንድ ዓይነት ከፍታ የሚፈጀው ቆርቆሮ ወርዱ ይሰፋል። ዙሪያው ያጎደለውን ወርዱ በትክክል ይተካዋል፤ ይህንንም ያረጋገጠው አርኪሜድስ ነው። እንግዲህ ለቀለም ዙሪያውን 18.85 በ13 ማባዛት ብቻ ነው፤ 245 ካሬ ሜትር። ለይዘት ያሳሳተን 13 እዚህ ትክክለኛው ቁጥር ሆነ። ቀመሩ S = 2πr(h + r) ነው። መሬት የነካው ወለልና ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር የሚገናኝበት ክብ ብሩሽ ስለማይደርሳቸው አይቆጠሩም። አንድ ሊትር በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ከሆነ ለሁለት ዙር 49 ሊትር ያስፈልጋል። ቆርቆሮው ሞገድ ያለው ከሆነ ግን የእጥፋቱ ገጽ ስለሚጨመር ከዚህ በላይ ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በዚህ ሲሎ የጉልላቱ ይዘትም ገጽታም 56.5 ነው፤ አንዱ በሜትር ኩብ፣ ሌላው በካሬ ሜትር። ሬዲየሱ 3 በመሆኑ የተገጣጠመ ነው። ሬዲየሱ 4 ቢሆን ይዘቱ 134፣ ገጽታው 100.5 ይሆን ነበር።

ቀለም የሚቀባው ውጪውን፣ እህል የሚሞላው ግን ውስጡን ነው። የሲሎው ግድግዳና ጉልላት 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ቢሆን የውስጡ ሬዲየስ ወደ 2.85 ሜትር ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ሬዲየስ ግን በራሱ ስለሚባዛ ይዘቱ ከ339 ወደ 304 ሜትር ኩብ ገደማ ያሽቆለቁላል።

ስንዴውም ጉልላቱን አይሞላውም። ከጫፉ ሲፈስ መሀሉ ላይ እንደ ክምር ይቆለላል፤ ደረቅ ስንዴ ተዳፋቱ ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል። ክምሩ ዙሪያውን ከግድግዳው አናት ጋር ሲተካከል መሙላቱ ቢቆም፣ ጫፉ ከዚያ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ይወጣል። 48 ሜትር ኩብ ከሚሆነው ጉልላት ውስጥ እህል የሚገባው 12ቱ ላይ ነው። በድምሩ 267 ሜትር ኩብ ያህል ስንዴ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ሰባት ተኩል ኩንታል ቢይዝ 2,000 ኩንታል ማለት ነው። ያ 424 ብሎ ያሰላው ሰው 3,180 ኩንታል ያስጭናል፤ ሲሎው ሲሞላ ወደ 1,200 የሚጠጋው ኩንታል መኪና ላይ ይቀርበታል።