ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት፦ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ መፈተሻ ወረቀት

የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሁሉ በዓይን የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው። ግድግዳው ተቦርቡሮ ቧንቧው ከገባ በኋላ ሴራሚክ ሠራተኛው ሲሚንቶ እስኪያቦካ ድረስ ያሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚያፈስ መጋጠሚያ መኖሩ የሚታወቀው የጎረቤቱ ክፍል ቀለም ሲያብጥ ወይም የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ሲረጥብ ነው። ያን ጊዜ ሴራሚኩን መስበር ግድ ይሆናል፤ ተመሳሳዩን ሴራሚክ ከገበያ መልሶ ማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ኢትዮጵያ ለሕንፃ ቧንቧ ሥራ የራሷን ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 9ን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታለች። ሆኖም ማክሰኝት ላይ ጂ ፕላስ ዋን የሚያሠራ ባለቤትም ሆነ ሥራውን የሚከታተል ፎርማን ኮዱን ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ አይዞርም። በእጁ የሚይዘው አንድ ገጽ ወረቀት ነው የሚያስፈልገው። ወረቀቱ አራት ክፍል አለው፦ ግፊት፣ ፍሳሽ፣ ልክ እና ፊርማ።

ግፊት

ሳይት ላይ የተለመደው ፍተሻ ሮቶውን ሞልቶ ውኃ መልቀቅና አለማፍሰሱን ማየት ነው። ይህ አይበቃም። የ10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ላይ የሚያሳድረው ግፊት ግማሽ ባር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚህ ግፊት ያላፈሰሰ መጋጠሚያ የከተማው መስመር ሲበረታ ወይም ፓምፕ ሲገጠም ሊያፈስ ይችላል። የወረቀቱ የመጀመሪያ ጥያቄም «በእጅ ፓምፕ 10 ባር ላይ ተፈትኗል ወይ?» የሚል ነው።

ለዚህ ብዙ ውኃ አያስፈልግም። ባለ 20 ሚሊ ሜትር የፒፒአር ቧንቧ 15 ሜትር ርዝመት ቢኖረው የሚይዘው 2 ሊትር ያህል ነው። መስመር ውኃ በጠፋበት ቀንም አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃል።

ፍተሻው የመጨረሻው መጋጠሚያ ከተበየደ ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ከተቻለም ልስን ሳይሸፍነው ይደረጋል። መውጫዎቹ ሁሉ በክዳን ይዘጋሉ፤ ሙቅና ቀዝቃዛው መስመር ሻወሩ በሚገጠምበት ቦታ በላስቲክ ይገናኛል። ውኃው ከታች ቀስ እያለ ይሞላል፤ ላይኛው ክዳን አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ክፍት ይቆያል። አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር አያስተማምንም።

ፒፒአር ፕላስቲክ ስለሆነ ግፊት ሲበዛበት በመጠኑ ይለጠጣል፣ ጌጁም ይወርዳል። ይህ መፍሰስ አይደለም። ለዚህ ነው ፍተሻው ሁለት ደረጃ ያለው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በየ10 ደቂቃው ወደ 10 ባር ይመለሳል። ከዚያ ፓምፑ ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ከ0.6 ባር በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል፤ የሚፈቀደው 0.2 ባር ብቻ ነው። ፀሐይ የሚመታው ቧንቧ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከግማሽ እስከ 1 ባር ሊለዋወጥ ስለሚችል ሁለቱን ሰዓት የአየሩ ሙቀት ብዙም በማይቀያየርበት ጊዜ ማድረግ ይሻላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ደረጃ ጌጁን 9.6 ላይ ትቶት አለፈ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን 8.9 ላይ ተገኘ። 0.7 ባር ወርዷል ማለት ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ጠብታ አይታይም። በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ክዳኖቹና የፓምፑ ላስቲክ ናቸው፤ ደረቅ ሆነው ከተገኙ ሙቅና ቀዝቃዛው ይለያዩና እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተናል። ሙቁ ቆመ፣ ቀዝቃዛው ወረደ። ፍለጋው በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በቀዝቃዛው መስመር ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች በጨርቅ ደርቀው ሶፍት ይጠቀለልባቸዋል። የአንዱ ኤልቦ ሶፍት በጀርባ በኩል ራሰ።

ምክንያቱን መጋጠሚያው ራሱ ይናገራል። በደንብ የተበየደ ፒፒአር ዙሪያውን ያልተቋረጠ የቀለጠ ከንፈር ይኖረዋል። ይህኛው ከፊት አለው፣ ከግድግዳው በኩል ግን የለውም። ግድግዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ስለተበየደ ማሽኑ ቀጥ ብሎ አልያዘውም። ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሞቆ ቧንቧውና ኤልቦው ለ5 ሰከንድ እኩል መሞቅ ነበረባቸው። መፍትሔው ቆርጦ ማውጣትና በአዲስ ኤልቦ መተካት እንጂ በላዩ ማሞቅ ወይም ማጣበቂያ መቀባት አይደለም። ፍተሻውም ከመጀመሪያው ይደገማል።

ግፊት የማያሳየው አንድ ጉድለት አለ። ቧንቧው ከልክ በላይ ሞቆ ወይም በኃይል ተገፍቶ ሲገባ የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። አያፈስም፤ ውኃው ግን ይቀጥናል። ስለዚህ ከፍተሻው በኋላ እያንዳንዱ መውጫ ተራ በተራ ተከፍቶ በአንድ ባልዲ ይለካል። ከሌሎቹ ብዙ የዘገየው ይመረመራል።

ፍሳሽ

ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከሻወሩ እስከ ዋናው ቧንቧ 1.5 ሜትር ከሆነ የሁለቱ ጫፍ ልዩነት 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በውኃ ልክና በሜትር ይረጋገጣል። ከዚያ የቧንቧው መጨረሻ ይዘጋና እስከ ወለሉ አፍ ውኃ ይሞላል። አፉ ላይ ምልክት ተደርጎ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ደረጃው ከምልክቱ ዝቅ ማለት የለበትም። ሲለቀቅ ያለማቋረጥ መሄዱ ይታያል፤ እየጎረጎረ የሚዘገይ ከሆነ ውስጡ የወደቀ ሲሚንቶ ወይም ወደኋላ ያዘመመ ቁራጭ አለ።

በወለሉ መውጫ ሥር ሳይፎን መኖሩም እዚሁ ይታያል። የሽታውን መንገድ የሚዘጋው በሳይፎኑ ውስጥ የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ነው። ሳይፎን የሌለው መታጠቢያ ቤት የፈለገውን ያህል ቢጸዳ መሽተቱን አያቆምም። ፍተሻው ሲያልቅ ሲሚንቶ እንዳይገባ አፎቹ ሁሉ ይሸፈናሉ።

ልክ

ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከጥሬው ግድግዳ በመለካት ነው። መለካት ያለበት ከሴራሚኩ ፊት ነው። ሴራሚኩና ሲሚንቶው ተደምረው 3 ሴንቲ ሜትር ከያዙ፣ መሐሉ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ የሚፈልግ የሽንት ቤት መቀመጫ ከጥሬው ግድግዳ 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ቧንቧ ያስፈልገዋል። መቀመጫው ቀድሞ ተገዝቶ ቢለካ የተሻለ ነው።

የሻወሩ ሁለት መውጫዎች መሐል ለመሐል 15 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ በውኃ ልክም እኩል መሆን አለባቸው። አፋቸው ሴራሚኩ ከሚያርፍበት ፊት ጋር እኩል መሆኑ ቁራጭ ሴራሚክ ከነሲሚንቶው ውፍረት ተይዞ ይታያል። ወደ ውስጥ የሰረገ መውጫ ላይ ማራዘሚያ ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ማራዘሚያ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ የሚደበቅ አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ነው።

ፊርማ

ወረቀቱ ላይ ፍተሻው የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የጌጁ ሁለት ንባብ፣ ያፈሰሰና የተተካ መጋጠሚያ ካለም ቦታው ይጻፋል። የሳኒተሪው ሠራተኛና ተቆጣጣሪው ይፈርማሉ። እያንዳንዱ ግድግዳ ከበሩ ጠርዝና ከወለሉ ያለው ርቀት እንዲነበብ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣል፤ በኋላ መስታወት ወይም ቦይለር የሚሰቅለው ሰው የት መብሳት እንደሌለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ከፊርማው በኋላም ጌጁ አይነሣም። መስመሩ 3 ባር ያህል ግፊት እንደያዘ ሴራሚክ ሠራተኛው ሥራውን ይጀምራል፣ ጌጁንም ጠዋትና ማታ ያየዋል። በዚህ መካከል ሚስማር ወይም መሮ ቧንቧውን ቢያገኘው ጌጁ ወዲያው ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚነሣው ገና ያልደረቀ አንድ ረድፍ ሴራሚክ ነው፤ ማን እንደጎዳውም አያከራክርም።