በወር 12 ሰዓት ላለው ሰው የትኛው ኮርስ?

የኮርስ እጥረት የለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ሃርቫርድ ሲኤስ50 የተባለውን ስመ ጥር የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርቱን በኢንተርኔት ለሁሉም ከፍቶታል። ጎግል በኮርሴራ በኩል የዳታ ትንተና ሰርተፊኬት ይሰጣል። የዩቲዩቡንማ ማን ይቆጥረዋል! የሚያጥረው ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

መመዝገብ ቀላል ስለሆነ ሰው ይመዘገባል። ሁለት ተመራማሪዎች ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከ2012 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) በኢንተርኔት የሰጧቸውን ትምህርቶች መዝገብ መርምረው በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ውጤቱን አውጥተው ነበር። ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኮርሱን አንድ ቀን እንኳ ገብተው አላዩትም። በመጨረሻው ዓመት የጨረሱት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙዎች ይህን በስንፍና ይተረጉሙታል። እኔ ግን ችግሩ ገና ሲመረጥ የሚጀምር ይመስለኛል። ኮርሱ የሚመረጠው በስሙ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚበላና የትኛውን ሥራ እንደሚያቃልል የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ቅርንጫፍ ባለው አስመጪ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል። በየወሩ መጨረሻ ቅርንጫፎቹ የሽያጭ ሪፖርታቸውን በኤክሴል ሠርተው በቴሌግራም ይልኩላታል። የአንዱ ፋይል ቀኑን ያስቀድማል፣ የሌላው የደረሰኝ ቁጥሩን። እሷ ሁሉንም በእጇ እየገለበጠች ወደ አንድ ሰንጠረዥ ታመጣና ከፒችትሪ ካወጣችው ሪፖርት ጋር ታመሳክራለች፤ ከዚያ የቫት ማሳወቂያው ይደርሳል። ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። «ዳታ መማር አለብኝ» ብላ ሦስት ኮርስ ይዛለች፦ ሲኤስ50ን፣ የጎግልን ሰርተፊኬት፣ እንዲሁም ሃርቫርድ ለብቻው ያዘጋጀውን የኤስኪውኤል ኮርስ።

መጀመሪያ ሰዓቷን እንቁጠር፤ የምትመኘውን ሳይሆን በእጇ ያለውን። ልጆቹ ተኝተው እሷ ኮምፒውተር የምትከፍተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እስከ 4 ተኩል ብትቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል። በሳምንት ሦስት ምሽት ብትይዝ በአራት ሳምንት 18 ሰዓት ይሆናል። ሒሳብ የሚዘጋበት ሳምንት ግን ቢሮ ታመሻለች፤ እሱ ሲወጣ 13 ሰዓት ተኩል ይቀራል። መብራት የሚጠፋበት ወይም ለቅሶ የሚደረስበት አንድ ምሽት መቼም አይጠፋም። ስለዚህ በወር 12 ሰዓት አላት።

አሁን ኮርሶቹን በዚህ እናካፍል። የጎግሉ ሰርተፊኬት በሳምንት እስከ 10 ሰዓት ለሚሰጥ ሰው ስድስት ወር ገደማ እንደሚወስድ ይነገርለታል። በጠቅላላው 200 ሰዓት ብለን ዝቅ ብናደርገው እንኳ ለእሷ ከ16 ወር በላይ ነው። የኮርሴራ ክፍያ ደግሞ በየወሩ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚማር ሰው ለዚያው ትምህርት ብዙ ይከፍላል። ሲኤስ50 የ11 ሳምንት ትምህርት ሲሆን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይጠይቃል። የሳምንቶቹ ቁጥር ከዜሮ ይጀምርና ሲ በተባለው ቋንቋና በኮምፒውተር ማስታወሻ አሠራር በኩል አልፎ ፓይተን ላይ የሚደርሰው በ6ኛው፣ ኤስኪውኤል ላይ በ7ኛው ነው። በእሷ አካሄድ እዚያ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ያስፈልጋታል። ትምህርቱ ግሩም ነው፤ ሙያ ለመቀየር ለተነሳ ሰው ስድስት ወሩም አይበዛም። የእሷ ችግር ግን የፊታችን ወር መጨረሻ ላይ እንደገና ይመጣል።

የቀረው የኤስኪውኤሉ ነው፤ ሰባት ሳምንት ብቻ። አንድ ኮርስ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ማየት አያስፈልግም፤ መልመጃውን አስቀድሞ መክፈት ይበቃል። በዚህ ኮርስ የመጀመሪያው ሳምንት መልመጃ የአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ተከታታይ ክፍሎች የተመዘገቡበትን ሰንጠረዥ ይሰጥና ጥያቄ እንድትጽፍለት ያዛል። የመጀመሪያውን ዙር ክፍሎች ርእስ አውጪ ቢባል መልሱ ይህን ይመስላል፦

```
SELECT title FROM episodes WHERE season = 1;
```

በተከታታዩ ክፍሎች ምትክ ደረሰኞችን፣ በዙሩ ምትክ ቅርንጫፉን ብታስገባበት የእሷ ሥራ ይሆናል። ያ ደስ ይላል። ነገር ግን የእሷ ደረሰኞች በዳታቤዝ ውስጥ አይደሉም፤ ቴሌግራም ላይ የተበተኑ የኤክሴል ፋይሎች ናቸው። ኤስኪውኤል ከመማሯ በፊት የሚሰበስባቸው ነገር ያስፈልጋታል።

ያ ነገር ከሦስቱ ኮርሶች በአንዱም ውስጥ ዋና ትምህርት አይደለም። ፓወር ኩዌሪ ይባላል፤ ከ2016ቱ እትም ጀምሮ ኤክሴል ውስጥ ያለ ነው። ዘጠኙን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣ `Data > Get Data > From File > From Folder` ብትል ሁሉንም አንድ ሰንጠረዥ ያደርግላታል። የሚያዛምዳቸው በዓምዶቹ ስም ስለሆነ ቅደም ተከተላቸው ቢለያይም ግድ የለውም። በሚቀጥለው ወር አዲሶቹን ፋይሎች በፎልደሩ ውስጥ ተክታ `Refresh` መጫን ብቻ ነው። አጭር የቪዲዮ ትምህርት ይዛ በራሷ ፋይሎች ላይ ብትሞክረው የአንድ ወር ምሽቶቿ ይበቁታል።

ከአስራ ሁለቱ ሰዓት ግማሹን ግን ለሚበላሸው ነገር ታስቀር። አንዱ ቅርንጫፍ «ጠቅላላ ዋጋ» ያለውን ሌላው «ጠ/ዋጋ» ብሎ ከጻፈው የዚያ ቅርንጫፍ ዓምድ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ድምሩ ሲያንስ ካላየችው በቀር ፕሮግራሙ ላያስጠነቅቃት ይችላል። ስለዚህ በየወሩ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ድምር ከላከው ፋይል ጋር ማስተያየት አለባት። የባሰው ቀኑ ነው። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 30/2/2017 ተብሎ ሲጻፍ የካቲት ወር ከሚመስለው ከፌብሩዋሪ ላይ 30ኛ ቀን ፈልጎ ያጣና ስህተት ይላል፤ የጳጉሜን 13ኛ ወርም እንዲሁ። እነዚህስ ይታያሉ። የካቲት 30 ግን 30/6/2017 ተብሎ ከገባ ጁን 30 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። መድኃኒቱ የቀኑን ዓምድ ገና ከጅምሩ ጽሑፍ ነው ብሎ መያዝ፣ ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ በሦስት ዓምድ መክፈል ነው። ይህን የውጭ ኮርስ አያስተምርም፤ የሚገኘው የራስን ፋይል ከፍቶ ሲሠራ ነው። ቪዲዮ እያዩ ማስታወሻ መጻፍ ብቻ ሆኖ ሁለት ሳምንት የራሷን ፋይል ካልከፈተች ኮርሱ መቋረጥ ጀምሯል።

ሰርተፊኬቱስ? የምትፈልገውን ዓይነት ክፍት የሥራ ማስታወቂያ ሰብስባ ታንብብ። በርከት ያሉት የዚያን ሰርተፊኬት ስም የሚጠሩ ከሆነ 16 ወሩን ታስብበት። «ኤክሴል በሚገባ የሚችል» ብቻ የሚሉ ከሆነ ግን ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረውን ሥራ በደቂቃ የሚጨርስ ፋይል ለቃለ መጠይቅ ይዞ መሄድ ይሻላታል፤ ጠያቂው ቢጠረጥር እንኳ እዚያው ከፍታ ታሳየዋለች።

ቀጣዩን ኮርስ የሚወስንላት የሥራዋ መጠን ነው። አንድ የኤክሴል ገጽ 1,048,576 ረድፍ ብቻ ይይዛል፤ የዘጠኙ ቅርንጫፍ ደረሰኝ ዓመት በዓመት እየተጠራቀመ ወደዚያ ከተጠጋ፣ ወይም ድርጅቱ ዳታቤዝ ያለው ሥርዓት ከገዛ፣ የኤስኪውኤሉ ተራ ያኔ ነው። ያኔም ሰባቱን ሳምንት መጨረስ ግዴታ የለባትም። የመጀመሪያው መጠየቅን፣ ሁለተኛው ሰንጠረዦችን ማገናኘትን ያስተምራሉ። ሦስተኛው ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚነደፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ሥርዓቱን የሸጠው ድርጅት አስቀድሞ ሠርቶታል።