ሲበጠስም የሚያቆም ሽቦ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1979 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ፍላት ሮክ በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ውስጥ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ የ25 ዓመት ሠራተኛ ዕቃ ለማውጣት መደርደሪያ ላይ ወጣ። ዕቃ የሚያመላልሰው ሮቦት ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን መታውና ሕይወቱ አለፈ። የማቆሚያ ቁልፍ እጁ ሥር ቢኖር እንኳ አይጠቅመውም ነበር፤ የመጣበትን አላየምና። ሰው አጠገብ የሚሠራ ሮቦት ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ቀዩ ቁልፍ አደጋውን ላየ ሰው ነው። የፍጥነት ገደቡ ደግሞ ላላየው።

ዛሬ በየፋብሪካው የሚታየውን፣ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የሚሠራውን ዓይነት ባለ አንድ ክንድ ሮቦት እንውሰድ። ካርቶን እያነሳ ይደረድራል፤ ሠራተኛዋ በየጊዜው እየመጣች የሞላውን ትወስዳለች። በመካከላቸው አጥር የለም።

የመጀመሪያው ሥራ ቀዩን ቁልፍ ማገናኘት ነው። የቤት አምፖል ማብሪያ ሲጫን ሽቦውን ያገናኛል፤ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ሥራው በሰላም ሲሄድ 24 ቮልት ሳይቋረጥ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ቁልፉ ሲመታ ይቋረጣል፤ ሮቦቱም የሚቆመው ኃይሉ ስለጠፋበት ነው። ጥቅሙ ብልሽት ሲመጣ ይታያል። ሽቦው ቢበጠስ፣ ብሎኑ ቢላላ ወይም ሶኬቱ ቢወጣ ሮቦቱ ወዲያው ይቆማል። ሲጫን የሚያገናኝ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ የተበጠሰው ሽቦ ለወራት ማንም ሳያውቀው ይቆይና፣ መበጠሱ የሚታወቀው ሰው በድንጋጤ ቁልፉን በመታበት ቀን ይሆናል።

ይህ ግን ግማሽ መንገድ ነው። መበጠስን ይከላከላል እንጂ መነካካትን አይከላከልም። ወለል ላይ የተዘረጋው ኬብል ፎርክሊፍት ሲሄድበት ልባሱ ተልጦ የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ ቢገናኙ፣ ኤሌክትሪኩ ቁልፉ ድረስ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ቁልፉ ቢመታም ሮቦቱ አይሰማም። ስለዚህ በአንዱ ቁልፍ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኮንታክቶች ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው መስመር አላቸው። በዚህ ሮቦት መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ለእነዚህ መስመሮች የተዘጋጁት ማገናኛዎች `EI0` እና `EI1` የሚል ጽሑፍ አላቸው። መቆጣጠሪያው ሁለቱን ያነጻጽራል፤ አንዱ ተቋርጦ ሌላው ካልተቋረጠ ስህተት እንዳለ አውቆ ሮቦቱን ያቆማል። በሌሎች ማሽኖች ይህን ሥራ ሴፍቲ ሪሌይ የሚባለው ዕቃ ይሠራዋል። ጥሩዎቹ በሁለቱ መስመሮች ላይ የተለያየ የኤሌክትሪክ ምት ስለሚልኩ፣ አንዱ መስመር ሌላውን ቢነካ እንኳ ይለዩታል።

ሳጥኑ ከፋብሪካው ሲመጣ በእነዚህ ማገናኛዎች ላይ አጫጭር ሽቦዎች ተገጥመው ነው፤ ሮቦቱ ያለ ውጭ ቁልፍ እንዲነሣ። ቁልፉ ሲገባ እነዚያ ሽቦዎች መውጣት አለባቸው። ሥራውን የምትረከቡ ከሆነ ሳጥኑን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያም ቁልፉን መምታት ብቻውን ፈተና አይሆንም፤ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጊዜ ስለሚቋረጡ አንዱ የሞተ ቢሆን ሌላው ይሸፍንለታል። ከሁለቱ አንዱን ሽቦ ብቻ ንቀሉና ሮቦቱ ስህተት አሳይቶ መቆሙን ተመልከቱ፤ መልሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ በሌላው ድገሙት። ቁልፉ ተመልሶ ሲወጣም ክንዱ በራሱ መነሣት የለበትም፤ ሰው አካባቢውን አይቶ በተለየ ትእዛዝ ሊያስነሣው ይገባል።

አሁን ወደማታየው ሰው እንመለስ። ሠራተኛዋ ስትቀርብ የሚያያት ወለሉን በጨረር የሚቃኝ ሌዘር ስካነር ነው። ብዙ ሰው ስካነሩን ከቀዩ ቁልፍ መስመር ጋር ያስረዋል፤ ይህ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ሠራተኛዋ በቀን ብዙ ጊዜ ትገባለች። በገባች ቁጥር የአደጋ ማቆሚያ ከተነሣና ሥራው እንደገና በእጅ መጀመር ካለበት፣ ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ስካነሩን በሽቦ ያልፈዋል። ለስካነሩ `SI0` እና `SI1` የሚባሉ የራሱ ማገናኛዎች አሉት። በእነዚህ በኩል ሲታዘዝ ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ሠራተኛዋ ስትርቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስካነሩ በምን ያህል ርቀት ይያት? መልሱ ከፍጥነቱ ይመጣል። የዓለም አቀፉ ደንብ የሚራመድ ሰው በሰከንድ 1.6 ሜትር እንደሚሄድ ይቆጥራል። ክንዱ በሰከንድ 1 ሜትር ይንቀሳቀሳል እንበል። ስካነሩ አይቶ መቆጣጠሪያው እስኪያዝ 0.2 ሰከንድ፣ ክንዱ ፍሬን ይዞ እስኪቆም 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ 0.6 ሰከንድ ሠራተኛዋ 0.96 ሜትር ትራመዳለች፤ ክንዱም 0.4 ሜትር ያህል ወደ እርሷ ይመጣል። እግሯ ሲታይ እጇ ቀድሞ ሊዘረጋ ስለሚችል 0.85 ሜትር ይጨመራል። ድምሩ 2.2 ሜትር ነው፤ ለስካነሩ የልኬት ስህተት የሚያዘው ትርፍ ገና አልገባበትም።

ፍጥነቱን በሰከንድ 0.25 ሜትር ብናደርገውስ? ፍሬን መያዣው ወደ 0.1 ሰከንድ ቢወርድ፣ ያው ስሌት 1.4 ሜትር ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ ክንዱ የሚሄደው 6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው የሠራተኛዋ እርምጃና እጅ ነው። ስለዚህ ስካነሩ ሁለት ክልል ይሳልለታል። ውጪኛው ሮቦቱን ያዘገያል፤ ውስጠኛው፣ 1.4 ሜትሩ፣ ያቆመዋል። ውጪኛው ግን ማዘግየቱ ራሱ ጊዜ እንደሚወስድ ማሰብ አለበት። ስካነሩ አይቶ ክንዱ እስኪዘገይ 0.7 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሠራተኛዋ በዚያ ጊዜ 1.1 ሜትር ትቀርባለች። ስለዚህ ውጪኛው ክልል ከ2.5 ሜትር ማነስ የለበትም፤ እኔ 3 ሜትር አደርገዋለሁ።

ፍጥነቱ የት እንደሚጻፍም ወሳኝ ነው። በሥራ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ፍጥነት ገደብ አይደለም፤ ምርት ሲዘገይ ማንም ከፍ ያደርገዋል። ገደቡ በይለፍ ቃል በሚከፈተው የደህንነት ማስተካከያ ውስጥ፣ `Reduced` በሚለው ዓምድ ሥር ይገባል። ፕሮግራሙ ከዚያ በላይ ቢጠይቅ መቆጣጠሪያው ይከለክላል። ማስተካከያው ሲቀመጥ ስክሪኑ ጥግ ላይ አጭር መለያ ኮድ ይወጣል። ያንን ኮድ ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ አንድ ቀን ኮዱ ሌላ ሆኖ ከተገኘ የደህንነት ማስተካከያው ተነክቷል ማለት ነው።

ከላይ የተጠቀምኩበት 0.4 ሰከንድ ለምሳሌ ነው፤ የእናንተው ሮቦት ቁጥር መለካት አለበት። የሚለካውም ክንዱ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ፣ ከባዱን ካርቶን ይዞ፣ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሄድ ነው፤ ባዶ እጁን ታጥፎ ሲሠራ የተለካ ቁጥር ሁልጊዜ ያነሰ ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ የካርቶኑ ክብደት ቢጨምር ወይም መያዣው በሌላ ቢቀየር የመቆሚያው ጊዜ ይለወጣል፤ ወለሉ ላይ የተሰመሩት ሁለቱ ክልሎችም በአዲሱ ቁጥር እንደገና ይሰላሉ።